«መጨረሻ ላይ ባንድ ላይ እሰጥሻለሁ» የሚል ከፊል ሲገጥም

ጥያቄ፦ ሪያድ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ነኝ። በኤጀንሲ በኮንትራት ከመጣሁ 15 ወር ሆነኝ። ውሌ 1,000 ሪያል ይላል። መጀመሪያ 5 ወር እየዘገየም ቢሆን ሙሉውን በእጄ ሰጡኝ። ከዚያ 4 ወር «ለኢንተርኔትና ለሳሙና» ብለው 800 ሰጡኝ። ካለፉት 6 ወራት ግን ሰባራ ሳንቲም አላየሁም። ማዳም በመሀል ስልክ በ450 ሪያል ገዝታልኝ ከደመወዝሽ ይቆረጣል ብላ ነበር፣ እስካሁን አልተቆረጠም። ከፊሌን፣ አሠሪዬን ባባን፣ ስጠይቀው «መጨረሻ ላይ ባንድ ላይ እሰጥሻለሁ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «3,000 ሪያልና ትኬት ልስጥሽ፣ ፈርመሽ አገርሽ ግቢ» አለኝ። ሪያድ ያለው ሠራተኛ አስመጪ ቢሮ፣ መክተቡ፣ ከ3 ወር በኋላ አያገባንም ይላል። አዲስ አበባ ያለው ኤጀንሲ እህቴን «መክተቡን ጠይቁ» እያለ ይመልሳታል። ጓደኛዬ ጠፍተሽ ውጪ ትለኛለች። ምን ይሻለኛል? (እህታችሁ ከሪያድ)

መልስ፦ እህታችን፣ ዛሬ ሁለት ነገር አታድርጊ። ምንም ወረቀት አትፈርሚ፤ ከቤቱም ሳትከሺ አትጥፊ። የቀረው ሁሉ ሊስተካከል ይችላል፣ እነዚህን ሁለቱን ግን መመለስ ከባድ ነው።

ጓደኛሽ ክፉ አስባ እንዳልሆነ እናውቃለን። ግን አንቺ ከቤት በወጣሽ ማግስት ከፊሉ «ሠራተኛዬ ጠፋች» ብሎ ሁሩብ ሊያስመዘግብብሽ ይችላል። ሁሩብ ከተመዘገበ በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። ትናንት ስድስት ወር ያልተከፈላት ሠራተኛ ነበርሽ፣ ዛሬ የመኖሪያ ፈቃዷ ኢቃማዋ የተበላሸባት፣ ብትያዝ ወደ አገሯ የምትመለስ ሰው ትሆኛለሽ። የደመወዝ ክስሽ አይጠፋም፣ ነገር ግን ከገንዘቡ በፊት ሁሩቡ ሐሰት መሆኑን ለማስረዳት ትደክሚያለሽ። ክስሽ ቀድሞ ከተመዘገበ ደግሞ በኋላ የሚመጣው የሁሩብ ሪፖርት በቀል መሆኑ ከቀኑ ብቻ ይታያል። ስለዚህ የሚቀድመው ማን ነው የሚለው ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ የሚለየው አንድ ሁኔታ ብቻ ነው። የሚመታሽ፣ የሚነካካሽ፣ ምግብ የሚከለክልሽ ወይም ቆልፎብሽ የሚሄድ ሰው ካለ ቅደም ተከተሉን ተዪው፤ ሪያድ ውስጥ 911 ደውይ፣ ከቤት ውጪ፣ በቀጥታ ወደ ፖሊስ ወይም ወደ ኤምባሲያችን ሂጂ። ያኔም ቢሆን ወደ ጓደኛ ቤት ሄዶ መደበቅ አይጠቅምሽም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ብዙ ሰው ድርድር ውስጥ ገብቶ የሚሸነፈው ስንት እንደሚገባው በትክክል ሳያውቅ ስለሚገባ ነው። ስድስት ወር ሙሉ ያልተከፈለሽ 6,000 ሪያል ነው። በዚያ ላይ አራት ወር በየወሩ 200 ሪያል ጎድሎብሻል፣ ይህ 800 ይሆናል። ለኢንተርኔትና ለሳሙና ተብሎ የተቆረጠው ተገቢ አይደለም። ማደሪያሽና ምግብሽ በአሠሪው ላይ ነው፣ የኢቃማ ወጪም እንደዚሁ። ከቤት ሠራተኛ ደመወዝ የሚቆረጠው በእሷ ጥፋት ለተበላሸ ዕቃ፣ አስቀድማ ለወሰደችው ገንዘብ ወይም በፍርድ ለተወሰነ ክፍያ ነው። ስልኩ ግን አስቀድመሽ እንደወሰድሽው ገንዘብ ይቆጠራል፣ ስለዚህ 450ውን ራስሽ ቀንሺው። 6,800 ሲቀነስ 450፣ ቀሪው 6,350 ሪያል ነው። ስልኩን ሳትጠየቂ መቀነስሽ የዋህነት እንዳይመስልሽ። ሒሳብሽን የሚሰማው ሰው ከፊሉ «ስልክም ገዝቼላታለሁ» ብሎ ሲነሳ አስቀድመሽ እንዳስገባሽው ሲያይ የቀረውንም ቁጥር ያምናል።

ባባ ያቀረበልሽን አሁን ከዚህ ጋር አስተያዪው። 3,000 ሪያል ከግማሽ በታች ነው። ትኬቱ ደግሞ ስጦታ አይደለም። የመሄጃና የመመለሻ ትራንስፖርት ወጪ በኢትዮጵያ ሕግም በውልሽም የአሠሪው ዕዳ ነው። እሱ ያለበትን ዕዳ በሌላ ያለበት ዕዳ ሊከፍልሽ እየሞከረ ነው። ሲያነሳው «ትኬቱ በውሉ ላይ አለ፣ የምንነጋገረው ስለ ራቲብ፣ ስለ ደመወዜ፣ ነው» ብለሽ ለይተሽ አስቀምጪው።

ቀጥሎ ማስረጃ። በእጅ ተከፈለሽ ማለት ማስረጃ የለሽም ማለት አይደለም። እንዲያውም እሱ ነው የተቸገረው። ሳዑዲ ውስጥ የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በባንክ ወይም በተፈቀደ የኤሌክትሮኒክ ቦርሳ እንዲከፈል ግዴታው ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዲስ ውሎች ወጣ። ከዚያ ብዙ ሠራተኛ ያላቸው አሠሪዎች እየቀደሙ በደረጃ ሰፋና ከጥር 1 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁሉንም አሠሪ ይመለከታል። ያንቺ ውል ከመጀመሪያው ቀን በኋላ የተፈረመ ስለሆነ ከመጀመሪያ ደመወዝሽ ጀምሮ በዚያ መንገድ መከፈል ነበረበት። «ከፍያለሁ» የሚል አሠሪ መክፈሉን የሚያሳይ ነገር ይጠየቃል። የባንክ መዝገብ ከሌለው የሚቀረው ያንቺ ፊርማ ወይም የጣት አሻራሽ ያለበት ወረቀት ነው። በዐረብኛ የተጻፈ ወረቀት ላይ «ዝም ብለሽ አትሚ» ብለው የሚጫኑትም ለዚህ ነው። እስካሁን እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ አትመሽ ከሆነ በየትኛው ወር እንደነበር ለማስታወስ ሞክሪና ጻፊው፣ ሲጠየቅ እንዳትደናገጪ።

አንቺ የምታዘጋጂው ይህን ነው። ውልሽን፣ ኢቃማሽን፣ ፓስፖርትሽን (ቪዛው ያለበትን ገጽ ጨምሮ) ፎቶ አንሺ። ፓስፖርቱ እነሱ ጋ ከሆነ ለማንሳት ጠይቂያቸው፤ ፓስፖርት መያዝ ለአሠሪ የተከለከለ መሆኑንም እወቂ። የውሉ ቅጂ ከሌለሽ እህትሽ ከኤጀንሲው ትጠይቅ፣ ሙሳነድ በሚባለው የሳዑዲ የቤት ሠራተኞች መድረክ ላይም ተመዝግቧል። ከዚያ የላክሽውን ገንዘብ ደረሰኝ ሰብስቢ። የሐዋላ ደረሰኝ የላክሽውን እንጂ የተቀበልሽውን አያሳይም፣ ይህን እናውቃለን። ነገር ግን አምስት ወር ሙሉ ልከሽ፣ አራት ወር አንሶ፣ ከዚያ ስድስት ወር ጭራሽ ምንም ካልላክሽ፣ ቀኖቹ ራሳቸው ይናገራሉ። በመጨረሻ በአንድ ወረቀት ላይ ወሩን፣ የተሰጠሽን፣ የሰጠሽን ሰው በአማርኛ ጻፊ። 15 መስመር ነው፣ አንድ ምሽት አይፈጅም። ሁሉንም ለእህትሽ ላኪላት። ስልክሽ ሊወሰድብሽ ይችላል። እሷ ጋ ያለውን ግን ማንም አይነካውም።

አንድ ነገር ደግሞ አጣሪ። አብሸር በሚባለው የሳዑዲ መንግሥት የኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ላይ በኢቃማሽ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር የማን ነው? ያንቺ ካልሆነና የከፊሉ ከሆነ በስምሽ ቦርሳ ወይም ሒሳብ ተከፍቶ ደመወዝ «እየገባ» አንቺ ሳታውቂው ሊቀር ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ካለ መዝገቡ ተከፍሏታል ይላል፣ ገንዘቡ ግን እሱ እጅ ነው። በስምሽና በኢቃማሽ የወጣ ሲም ካለሽ ቁጥሩን በገበያ ማዕከላት ባለው የአብሸር ማሽን በአሻራሽ መቀየር ትችያለሽ። የእረፍት ቀን ካገኘሽ ከሌላው ሁሉ በፊት ይህን አድርጊ።

ወደ ድርድሩ ከመግባትሽ በፊት ሦስቱ ሰዎች ምን እንደሚፈሩ ማወቅ አለብሽ። እስካሁን እንደ ኳስ የሚቀባበሉሽ ማንኛቸውንም የሚያስፈራቸው ቦታ ላይ ስላልነካሻቸው ነው።

መክተቡን እንይ። የሙከራ ጊዜ 90 ቀን ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሠራተኛዋ ሥራ ከተወች መክተቡ ለከፊሉ ሌላ ሠራተኛ ይተካል ወይም ገንዘብ ይመልሳል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስልክ የሚያነሱት፣ የሚለማመጡሽ፣ አንዳንዴም «ታገሺ» ብለው የሚቆጡሽ የራሳቸው ገንዘብ ስላለበት ነው። 90ው ቀን ሲያልፍ ገንዘባቸው ይድናል፣ «አያገባንም» የሚለውም ያኔ ይመጣል። እነሱን መለማመጥ ጊዜ ማጥፋት ነው። አንድ መልእክት ላኪ፣ ቀኑ ይመዝገብ፣ ከዚያ እለፊያቸው።

አዲስ አበባ ያለው ኤጀንሲ ግን እንዲህ ማለት አይችልም። በውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ኤጀንሲው ውሉ ሲጣስ ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ነው። በቀላል አነጋገር፣ ከፊሉ ያልከፈለሽን ከኤጀንሲው መጠየቅ ትችያለሽ፣ ኤጀንሲው «መጀመሪያ እሱን ጨርሱ» ብሎ ሊመልስሽ አይችልም። ይህ ኃላፊነት ከ90 ቀን ጋር አያልቅም። ፈቃድ ሲወስድም ለዚሁ የዋስትና ገንዘብ አስይዟል። «መክተቡን ጠይቁ» የሚለው መልስ የሚሠራው ጥያቄው በቃል፣ በር ላይ፣ በእንባ ሲቀርብ ነው። በጽሑፍ ቀርቦ ግልባጩ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሲሄድ የሚያስበው ስለ ፈቃዱ ነው።

ከፊሉ የሚፈራው ደግሞ ሌላ ነው። አንቺን ለማስመጣት ለመክተብ የከፈለው ገንዘብ አሁን ካለበት ያንቺ ዕዳ በጣም ይበልጣል። ወደ ሌላ ቤት ብትዛወሪ በተናዙል፣ ማለትም አንቺን ለሌላ በመልቀቅ፣ ከአዲሱ አሠሪ ገንዘብ ተቀብሎ የተወሰነውን ለማግኘት ያስባል። ሦስት ወር ደመወዝ ያልከፈለ አሠሪ ግን፣ ወራቱ ተከታታይ ሆኑም አልሆኑ፣ ሠራተኛዋ ያለ እሱ ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ እንድትዛወር በር ይከፍታል። አንቺ ስድስት ወር አለሽ። ቅሬታሽ ተቀባይነት አግኝቶ ዝውውር ቢፈቀድልሽ ሠራተኛውንም የተናዙል ገንዘቡንም ያጣል። «ፈርመሽ አገርሽ ግቢ» ያለሽም ሳያውቀው ቀርቶ ላይሆን ይችላል፤ አገር ስትገቢ ይህ ሁሉ ያበቃለታልና።

እንግዲህ አነጋገሩ። ከባባ ጋር ተነጋገሪ፣ ከማዳም ጋር አይሁን፤ ውሉ በስሙ ነው፣ የሚከሰሰውም እሱ ነው። እንግዳ ባለበት፣ ልጆች ባሉበት፣ ከተጣላችሁ በኋላ አይሁን። የሰው ልጅ ፊቱን ላለማጣት ሲል ሊከፍል ያሰበውንም ይከለክላል። ደመወዝ ገባልኝ ከሚልበት ቀን አንድ ሁለት ቀን በኋላ ቢሆን ጥሩ ነው። «ሲታ ሸህር ራቲብ ማፊ»፣ የስድስት ወር ደመወዝ የለም ብለሽ ጀምሪ፣ የጻፍሽውን ወረቀት አሳዪው፣ ቁጥሩን ተናገሪ፦ 6,350። ከዚያ ዝም በይ። እሱ እስኪናገር ዝም ማለት ይከብዳል፣ ግን ብዙ እህቶች እዚህ ላይ ተጨንቀው «እሺ ግማሹንም ቢሆን» ብለው ራሳቸው ዋጋ ይቀንሳሉ። ስለ ሥራሽ፣ ስለ ምግቡ፣ ስለ ማዳም ቁጣ አታንሺ። እውነት ቢሆንም ዛሬ ስለ ገንዘቡ ብቻ ነው።

በዚያው ማታ የተነጋገራችሁትን በዋትሳፕ በድምፅ ላኪለት፦ «ባባ፣ ዛሬ ስለ ስድስት ወር ደመወዜ ተነጋግረናል፣ እስከዚህ ቀን እሰጥሻለሁ ብለሃል።» ዐረብኛሽ የተሰባበረ ቢሆን ችግር የለውም። እሱ «እሺ» ወይም «ኢንሻአላህ» ብሎ ቢመልስ ዕዳው መኖሩን አልካደም ማለት ነው። «ምን ዕዳ?» ብሎ ቢመልስም ቢያንስ የት እንደቆመ ታውቂያለሽ። ሰባት ቀን ስጪው፣ ከዚያ በላይ አይሁን። «መጨረሻ ላይ» የሚለውን በምንም መንገድ አትቀበዪ። የሁለት ዓመት ውልሽ ሊያልቅ ዘጠኝ ወር ይቀረዋል። ያን ጊዜ ዕዳው ከ15,000 ሪያል በላይ ይሆናል። 6,350 ያልከፈለ ሰው 15,000 በአንድ ቀን ይከፍላል ብሎ ማመን ይከብዳል፣ ደግሞም ያን ቀን የመውጫ ቪዛሽ ኸሩጅ ተመትቶ ሻንጣሽ በር ላይ ስለሚሆን ለመከራከር ጊዜ አይኖርሽም።

ሊደራደር ከፈለገ የት ላይ መልቀቅ እንዳለብሽ ከአሁኑ ወስኚ። በኛ አስተያየት የሚለቀቀው 800ዋ ነው። ለማስረዳት የምትከብደው እሷ ናት፣ በእጅ የተከፈለ 800 እና በእጅ የተከፈለ 1,000 ለሦስተኛ ሰው አይለይምና። ስድስቱ ወር ግን ጭራሽ ያልተከፈለ ስለሆነ ጠንካራ ነው። ስለዚህ መነሻሽ 6,350፣ መጨረሻሽ 5,550 ይሁን፣ ይህም 6,000 ሲቀነስ የስልኩ 450 ነው። 800ዋን የምትለቂው ግን በምላሹ አንድ ነገር ካገኘሽ ብቻ ነው፦ ገንዘቡ በአንድ ጊዜ፣ በስምሽ ባለው ሒሳብ፣ በዚህ ሳምንት ውስጥ ሲገባ። በትንሽ በትንሽ ልክፈልሽ ካለ ሙሉው 6,350 ይቆያል። ለምሳሌ ዛሬ 2,350፣ ቀሪው 4,000 በሁለት ወር ውስጥ፣ ከመደበኛው 1,000 ጋር በየወሩ 3,000 እየገባ ማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ዛሬ ካልተከፈለ ስምምነቱ እንደሌለ ቁጠሪው። ብዙ ጊዜ የሚሆነው የያዝነው ወር ደመወዝ ይከፈልና «ይኸው እየከፈልኩሽ ነው» ተብሎ የድሮው ይረሳል። ስለዚህ ገንዘብ ሲገባልሽ ወዲያው መልእክት ላኪ፦ «የደረሰኝ የዚህ ወር ነው፣ የድሮው 4,000 ይቀራል።»

ይህን ሁሉ አንቺ እዚያ ስታደርጊ እህትሽ በዚያው ሳምንት ለኤጀንሲው ደብዳቤ ታስገባ። ደብዳቤው አጭር ይሁን። ስምሽ፣ የፓስፖርት ቁጥርሽ፣ የሄድሽበት ቀን፣ የከፊሉ ስም፣ ውሉ የሚለው ደመወዝ፣ የጎደለው ወር በወር፣ ጠቅላላው 6,350 ሪያል፣ መክተቡ «አያገባንም» ያለበት ቀን። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይጻፍ፦ «በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ኤጀንሲው ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ስለሆነ በሰባት ቀን ውስጥ ክፍያው እንዲፈጸም እንዲያደርግና የወሰደውን እርምጃ በጽሑፍ እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን። ግልባጭ፦ ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር።» ሁለት ኮፒ ይዛ ትሂድ፣ አንዱ ላይ የገባበትን ቀንና ማኅተም አስመትታ ትመለስ። አንቀበልም ካሏት አትከራከር፤ በሪኮማንዴ በፖስታ ትላከው፣ የፖስታ ደረሰኙን ትያዝ። ከዚያ ግልባጩን በእጇ ሚኒስቴር ታስገባ። ክፍለ ሀገር ያለ ቤተሰብ በክልሉ የሥራና ክህሎት ቢሮ ሊጀምር ይችላል።

ኤጀንሲው ሲጨነቅ የሚላቸውን ከአሁኑ ስሚያቸው። «ክሱን አንሱና እንጨርስላችሁ» ይላሉ። ክስ የሚነሳው ገንዘብ ከገባ በኋላ ነው። «ውሉን አቋርጣ ከመጣች ወጪያችንን ትከፍላላችሁ» ብለው ያስፈራራሉ። የቪዛ፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የኢንሹራንስና የትራንስፖርት ወጪ የአሠሪው ነው፣ ኤጀንሲውም ለአገልግሎቱ ካንቺ ገንዘብ መቀበል አይችልም። የሠራተኛው ወጪ እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት ያለው ነው። ደግሞም ስድስት ወር ያልከፈለው ውሉን ቀድሞ ያፈረሰ ነው። «ሌላ አገር እንልካታለን» ይላሉ፣ ይህ ዕዳን በተስፋ መለወጥ ነው። እህትሽ እንዲህ ሲሏት «በጽሑፍ ስጡኝ» ብቻ ትበል። ገንዘቡን በስምሽ እንድትቀበል ወይም እንድትከራከርልሽ ከፈለግሽ ውክልና ያስፈልጋታል። ሪያድ ካለው ኤምባሲያችን ትሰጫታለሽ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ጂዳ አካባቢ ያሉ እህቶች በቆንስላ ጽሕፈት ቤቱ ያስጨርሳሉ።

ሰባቱ ቀን አልፎ ባባ ካልከፈለ ወደ ክስ ሂጂ፣ ከዚያ በላይ አንድ ቀንም አትጠብቂ። የሳዑዲ የሰው ኃይልና ማኅበራዊ ልማት ሚኒስቴር ቁጥር 19911 ነው። በስልክ፣ በድረ ገጹ ወይም ቢሮው ሄደሽ ታስመዘግቢያለሽ። መጀመሪያ የማስታረቅ ደረጃ አለ፤ ከፊሉ ይጠራል፣ ካልተስማማችሁ ጉዳዩ ውሳኔ ወደሚሰጠው አካል ያልፋል። ብዙ ከፊል የሚከፍለው በማስታረቁ ላይ ነው፤ እስከዚያ ድረስ የምትከሺ አይመስለውም ነበርና። ሲጠይቁሽ ታሪክ አታስረዝሚ፤ ያችን 15 መስመር ወረቀት ስጪ። የክስ ቁጥር ይሰጥሻል፣ በዚያው ሰዓት ፎቶ አንስተሽ ለእህትሽና ለኤምባሲው የሠራተኛ ጉዳይ ክፍል ላኪ። ሁሩብ ቢያስመዘግብብሽ መልስሽ ይህ ቁጥር ነው። አስተርጓሚ ይዞ የሚመጣው ከፊሉ ወይም መክተቡ ከሆነ አንድ ነገር ጠንቅቂ፦ «ተስማምታለች» ብሎ የሚተረጉም ሰው አጋጥሞ ያውቃልና ቁጥሩን በጣትሽ ራስሽ አሳዪ፣ 6,350 ብለሽ በቁጥር ጻፊ።

በዚህ ጊዜ ሥራሽን አታቁሚ። ሥራ ማቆም ለእሱ መልስ ይሆነዋል፣ «አልሠራችም፣ ስለዚህ አልከፈልኩም» ይላል። ክስ ካስመዘገብሽ በኋላ ቤቱ ውስጥ መቆየት የማይቻል ከሆነ የክሱን ቁጥር ይዘሽ ለሚኒስቴሩ ንገሪያቸው፣ መጠለያ እንዲሰጥሽ ጠይቂ። ኤምባሲውም ይወቅ።

ምን እንደምትፈልጊም አስቀድመሽ ለራስሽ መልሺ። ሪያድ ውስጥ መሥራት ከፈለግሽ የምትጠይቂው ገንዘቡንና ወደ ሌላ አሠሪ መዛወርን ነው፤ የዝውውሩን ወጪ አዲሱ አሠሪ ይችላል፣ ካንቺ ላይ እንዳይቆርጥ በአዲሱ ውል ላይ እንዲጻፍ አድርጊ። አገርሽ መግባት ከፈለግሽ ገንዘቡን፣ ትኬቱንና ኸሩጅ ኒሃኢ ትጠይቂያለሽ። የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ከወጣ በኋላ 60 ቀን ይሠራል፣ ስለዚህ «ዛሬ ማታ በረራ ነው፣ ቶሎ ፈርሚ» የሚለው ጥድፊያ ሰው ሠራሽ ነው። ከሳዑዲ ከወጣሽ በኋላ ክሱን በውክልና መከታተል ይቻላል፣ ግን በጣም ይከብዳል። ገንዘቡ ሳይገባ አውሮፕላን አትሳፈሪ።

ገንዘቡ የሚገባበትን ቀን በጥንቃቄ እንለፈው። ሙኻለሳ የሚባለው ወረቀት «ደመወዜን ሙሉ በሙሉ ተቀብያለሁ፣ ምንም መብት የለኝም» የሚል ነው። ቅደም ተከተሉ ገንዘብ፣ ከዚያ ፊርማ ነው። ገንዘቡ በሒሳብሽ ገብቶ ራስሽ አይተሽው፣ ወይም በእጅ ከሆነ ቆጥረሽ ፎቶ አንስተሽ፣ ከዚያ ብቻ ፈርሚ። ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የተቀበልሽው ቁጥር መሆኑን እይ፤ የዐረብኛ አኃዝ የማታውቂ ከሆነ ፎቶውን ለምታነብ ጓደኛ ላኪ፣ መልሷን ጠብቂ። በግማሽ ክፍያ ላይ ሙሉ ሙኻለሳ አይፈረምም። አስገድደው ቢያስፈርሙሽ ከፊርማሽ አጠገብ በአማርኛ የተቀበልሽውን ቁጥርና ቀኑን ጻፊ፦ «የተቀበልኩት 3,000 ሪያል ብቻ ነው» ብለሽ። እነሱ አያነቡትም፣ ማስታረቁ ላይ ያለ አስተርጓሚ ግን ያነበዋል።